ሊን ቀበቶ ለፋብሪካ ሱፐርቫይዘር፦ ከቀለሙ ጀርባ ያለው ፕሮጀክት

ስለ ሊን፣ ማለትም ብክነትን ስለሚቀንሰው የአሠራር ዘዴ፣ ሥልጠና ሲነሳ ከፋብሪካ ሱፐርቫይዘሮች ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው። «የቱን ቤልት ልውሰድ?» የሎው ይበቃል ወይስ ግሪን? ገንዘብ ካጠራቀምኩ በቀጥታ ብላክ ቤልት ብገባስ? ቤልት ወይም ቀበቶ የሥልጠናው ደረጃ በቀለም የሚጠራበት ስም ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥልጠናው ገንዘብ ያስወጣል፣ የእረፍት ቀንም ይበላል።

ቀለም ከመምረጥ በፊት ግን ማወቅ ያለብን ነገር አለ። ሁለት ሰዎች «ግሪን ቤልት» የሚል ወረቀት ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። አንዱ ቤቱ ሆኖ ቪዲዮ አይቶ፣ አጭር ፈተና አልፎ ያገኘው ነው። ሌላው በሚመራው መስመር ላይ ወራት የፈጀ ፕሮጀክት ሠርቶ፣ ውጤቱን ፋይናንስ ክፍል አረጋግጦለት ያገኘው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ያው ነው። ለቀጣሪው ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ለራሱ ለሱፐርቫይዘሩም እንደዚያው።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለመስመር ሱፐርቫይዘር የሎው ቤልት ጥሩ መነሻ ነው። ትልቁን ዋጋ የሚሰጠው እውነተኛ ፕሮጀክት ያለው ግሪን ቤልት ነው። ብላክ ቤልት ሌላ ሥራ ነው፤ ሱፐርቫይዘርነትን ትቶ ወደዚያ መሄድ ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ። ለምን እንደዚህ እንደምል አንድ የስፌት መስመር ይዘን በዝርዝር እናየዋለን።

ቀለሞቹን ማን ይሰጣል?

ሲክስ ሲግማ የሚባለው የጥራት ዘዴ የተጀመረው በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ሞቶሮላ ኩባንያ ነው። የቀበቶ ስሞቹ የተወሰዱት እንደ ካራቴና ጁዶ ካሉ ስፖርቶች ነው። በ1995 ጃክ ዌልች ዘዴውን ወደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ አስገባው፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ተሰራጨ። ሊን ደግሞ ሥሩ ቶዮታ ነው። ሁለቱ ተቀላቅለው «ሊን ሲክስ ሲግማ» ሲባሉ፣ ቀበቶው ከሲክስ ሲግማ መጣ፣ ብክነትን የመቀነሱ ሐሳብ ደግሞ ከቶዮታ። ቶዮታ ራሱ ሠራተኞቹን በቀበቶ ቀለም አይለይም። ይህን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቀለሞቹ ባለቤት የላቸውም። እንደ መንጃ ፈቃድ አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ነገር አይደለም። ማንኛውም ማሠልጠኛ ተቋም «ብላክ ቤልት» ብሎ ወረቀት ማተም ይችላል፤ ብዙዎችም ያትማሉ። ከታወቁት ውስጥ የአሜሪካ የጥራት ማኅበርን፣ ማለትም ኤ.ኤስ.ኪውን ብንወስድ፣ ለግሪን ቤልት የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ፈተናውም ነጥብ የሚያዝባቸው 100 ጥያቄዎች አሉት። የተጠናቀቀ ፕሮጀክት ግን አይጠይቅም። ፕሮጀክት የሚጠይቀው ለብላክ ቤልት ነው፦ ወይ ሁለት የተጠናቀቁ ፕሮጀክቶች፣ ወይ አንድ ፕሮጀክትና የሦስት ዓመት ልምድ፣ ያውም በፊርማ ተረጋግጦ። ሌላው የታወቀ ድርጅት አይ.ኤ.ኤስ.ኤስ.ሲ ደግሞ የሚመዝነው በፈተና ብቻ ነው። ፕሮጀክት አይጠይቅም።

ስለዚህ ስሙ ትልቅ የሆነ ድርጅት የሰጠው ግሪን ቤልት እንኳ «ይህ ሰው መስመር ላይ ችግር ፈትቷል» አይልም። የሚለው «ይህ ሰው ዘዴውን ያውቃል» ነው። ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከመሥራት ጋር አንድ አይደለም። ትልልቅ ኩባንያዎች በውስጣቸው የሚሰጡት ቀበቶ ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክት የሚያስገድደው ለዚህ ነው።

ነጭና ቢጫ

ዋይት ቤልት ላይ ብዙ ጊዜ አናጥፋ። የጥቂት ሰዓት ትምህርት ነው። ቃላቱን ያስተዋውቃል፤ በቃ። ፋብሪካው ሁሉንም ኦፕሬተር ካሠለጠነበት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራል። ሲቪ ላይ ግን ክብደት የለውም።

የሎው ቤልት የሚያሳየው በሌላ ሰው ፕሮጀክት ውስጥ ጠቃሚ አባል መሆን እንደምትችል ነው። ሥራው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በካርታ ታስቀምጣለህ። ብክነትን ታያለህ፦ መጠበቅ፣ መመላለስ፣ የተከማቸ ሥራ፣ ደግሞ መሥራት። ሰዓት ይዘህ የእያንዳንዱን ሥራ ጊዜ ትለካለህ። ጉድለቶችን በዓይነት ቆጥረህ የበዙትን ትለያለህ። «ለምን?» እያልክ ወደ ምክንያቱ ትወርዳለህ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ እውቀት አዲስ አይደለም። ከ2009 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) በጃፓን ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች ላይ ካይዘን ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በዚያ መንገድ የሥራ ቦታን የሚያደራጁትን አምስቱን «ማዎች» የተማረ፣ የካይዘን ልማት ቡድን ውስጥ የሠራ፣ ሙዳ፣ ማለትም ብክነት፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሱፐርቫይዘር የየሎው ቤልትን አብዛኛውን ይዘት አስቀድሞ ይዞታል። ለእሱ ገንዘቡን አጠራቅሞ በቀጥታ ወደ ግሪን መሄድ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ። ኤ.ኤስ.ኪው የሎው ይዘህ ና ብሎ አያስገድድም።

አንድ የሸሚዝ መስመር

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው። ችግሩ ግን በየስፌት ፋብሪካው ያለ ነው፤ ስሌቱንም ማንም ሰው ደግሞ ሊሠራው ይችላል።

አንድ ሱፐርቫይዘር 50 ኦፕሬተሮች ያሉበት የሸሚዝ መስመር ይመራል። ቀኑ 480 ደቂቃ ነው። ታርጌቱ በቀን 720 ሸሚዝ፤ የሚወጣው 600። ከሚወጣው ላይ ደግሞ በየቀኑ ብዙ ሸሚዝ በኮሌታ ምክንያት ወደ መስመሩ ይመለሳል። አንዱ የኮሌታ ጫፍ ረዝሞ ሌላው አጥሮ፣ ወይም አንገቱ ላይ ተጨማዶ።

የየሎው ቤልት እውቀት እዚህ ምን ያደርጋል? 480 ደቂቃ 28,800 ሰከንድ ነው። ለ720 ሸሚዝ ሲካፈል 40 ሰከንድ ይመጣል። ታርጌቱ እንዲመታ በየ40 ሰከንዱ አንድ ሸሚዝ መውጣት አለበት ማለት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሰዓት ይዞ በየማሽኑ ይዞራል። ኮሌታ የምትገጥመው ኦፕሬተር ጋ ሲደርስ ለአንድ ሸሚዝ 48 ሰከንድ ይፈጅባታል። 28,800 ለ48 ሲካፈል 600 ነው። የመስመሩ ማነቆ ተገኘ። ሌሎቹ ቢሮጡም ባይሮጡም ከ600 አያልፍም።

ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ሁለተኛ ማሽንና ሁለተኛ ኦፕሬተር ይጨመራል። ምርቱም ከፍ ይላል። ነገር ግን የአንድ ሰው ደመወዝ በየወሩ ይወጣል፣ የሚመለሰው ሸሚዝም እንዳለ ይቀጥላል። ምክንያቱም ማንም ሰው «48 ሰከንዱ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ አልጠየቀም።

ግሪን ቤልት የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሥራው በአምስት ደረጃ ይሄዳል፦ ችግሩን መግለጽ፣ መለካት፣ መተንተን፣ ማሻሻል፣ መቆጣጠር። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። መስመር ላይ ሰው የሚወድቀው «መለካት» ላይ ነው።

ሱፐርቫይዘሩ የሚመለሱትን ሸሚዞች ልቁጠር ሲል የመጀመሪያው ችግር ይገጥመዋል። ጠዋት ያለችው ኢንስፔክተር የመለሰችውን ከሰዓት ያለችው ታሳልፈዋለች። እንግዲህ የቱን ቁጥር ይመን? አንድ የሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። 30 ሸሚዝ ይመርጣል፤ ደህናም የተበላሸም፣ ለመወሰን የሚያስቸግርም ያለበት። ቁጥር በማይታይ ቦታ ይለጥፍባቸዋል። ሁለቱ ኢንስፔክተሮች ለየብቻ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ፣ ቅደም ተከተሉ እየተቀያየረ እንዲያዩት ያደርጋል። ሁሉም ውሳኔ የተስማማው በ22ቱ ሸሚዝ ላይ ብቻ ቢሆን፣ ስምምነቱ 73 በመቶ ነው። በተለምዶ የሚፈለገው ቢያንስ 90 ነው። ስለዚህ እስካሁን የተጻፈው የጉድለት መዝገብ ስለ ሸሚዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ኢንስፔክተሮቹ ልዩነትም ነው የሚናገረው።

መፍትሔው ቁጣ አይደለም። ሁለት ሸሚዝ ጠረጴዛው አጠገብ ይሰቀላል። አንዱ «እስከዚህ ያልፋል»፣ ሌላው «ከዚህ በኋላ አያልፍም»። የሁለቱ ኮሌታ ጫፎች ልዩነት እስከ 3 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከገዢው ጋር ይስማሙና ማስመሪያ ይቀመጣል። ሙከራው ሲደገም 28 ከ30 ቢመጣ፣ አሁን መቁጠር ይቻላል።

33 ማለት ምን ማለት ነው?

ሃያ ቀን ይቆጠራል። ከ600 ሸሚዝ ውስጥ በኮሌታ የሚመለሰው በአማካይ በቀን 33 ሆነ፤ 5.5 በመቶ። ግን በየቀኑ 33 አይደለም። አንድ ቀን 24፣ አንድ ቀን 42።

እዚህ ጋ ለሱፐርቫይዘሮች ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ትምህርት አለ ብዬ አስባለሁ። 42 በመጣበት ቀን ምን ይደረጋል? ብዙ ፋብሪካ ውስጥ ስብሰባ ይጠራል፣ ኦፕሬተሯ ላይ ቁጣ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ደመወዝ ይቆረጣል። በማግስቱ 24 ሲመጣ «አያችሁ፣ ቁጣው ሠራ» ይባላል። ግሪን ቤልት የተማረ ሰው ግን የቁጥጥር ገበታ ይሠራል፤ ቁጥሩ በተለመደው ሁኔታ የሚዋዥቅበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ ገደብ የሚያሳይ። ስሌቱ ይህ ነው፤ 0.055 የሚመለሰው ድርሻ፣ 0.945 የማይመለሰው፣ 600 የቀኑ ምርት ነው፦

```
0.055 ± 3 × √(0.055 × 0.945 ÷ 600)
ዝቅተኛ = 0.027    ከፍተኛ = 0.083
```

በሸሚዝ ቁጥር ሲመለስ ከ17 እስከ 49 ማለት ነው። መስመሩ ምንም ሳይለወጥ፣ ኦፕሬተሯም እንደ ወትሮዋ ስትሠራ፣ ቁጥሩ በዚህ መካከል ሲዋዥቅ ይኖራል። 42 በመጣበት ቀን የተለየ ነገር አልተፈጠረም። 24ም የቁጣው ውጤት አይደለም። ሁለቱም ያው መስመር ናቸው። 55 ቢመጣ ግን ያን ቀን የተለየ ነገር ተፈጥሯል፤ መርፌ ተቀይሮ፣ አዲስ ጨርቅ ገብቶ፣ አዲስ ሰው ተቀምጦ። ሱፐርቫይዘሩ ያኔ ሮጦ መፈለግ አለበት።

ይህን ያልተረዳ ሱፐርቫይዘር ጉልበቱን በሙሉ መዋዠቁን በማሳደድ ይጨርሰዋል። ሰዎቹንም ባላጠፉት ጥፋት ይቀጣቸዋል። መዋዠቁ በገደቡ ውስጥ ከሆነ ችግሩ በሰው አይፈታም፤ ሥራው የሚሠራበት መንገድ ራሱ መለወጥ አለበት። ግሪን ቤልት ፈተና ላይ ይህ ገበታ አለ። ጥያቄው ፈተናውን ያለፈው ሰው መስመሩ ላይ ሰቅሎት ያውቃል ወይ ነው።

ምክንያቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበር

እንግዲህ መንገዱ ላይ ምን አለ? ሱፐርቫይዘሩ ኦፕሬተሯን ተቀምጦ ያያታል። ከ48 ሰከንዱ ውስጥ 9 ሰከንድ ያህሉ ስፌት አይደለም። ኮሌታውን አንስታ አንገቱ ላይ ታስተያያለች፣ ትስባለች፣ አንዳንዴም ጠርዙን በመቀስ ታስተካክላለች። ለምን ብሎ ሲጠይቃት «አንዳንዱ አይገጥምም» ትላለች። ይህ የትኛውም ሰነድ ላይ የለም።

ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሠራ እንደሚያውቀው፣ ጨርቅ ተነባብሮ ይቆረጥና እያንዳንዱ ንጣፍ ላይ የቁጥር ስቲከር ይለጠፋል። የአንድ ሸሚዝ አካላት ከአንድ ንጣፍ እንዲሆኑና የቀለም ልዩነት እንዳይመጣ ነው። ይህ ስቲከር እዚህ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል። ሱፐርቫይዘሩ በስድስት ቀን የተመለሱትን 198 ሸሚዞች የኮሌታ ቁጥር ይጽፋል። ንጣፉ 120 ነው፤ ቁጥሩ ከላይ ይጀምራል። ጉድለቱ ከንጣፉ ጋር ካልተገናኘ ከ80 በላይ ያሉት ቁጥሮች፣ ማለትም የታችኛው ሲሶ፣ 66 ያህል ሸሚዝ መያዝ ነበረባቸው። የያዙት 131 ቢሆንስ?

ያኔ ነገሩ ግልጽ ነው። የንብርብሩ ቁመት ሲበዛ ቀጥ ያለው የመቁረጫ ቢላ ያዘነብላል። ከታች ያለው ኮሌታ ከላይኛው ጋር ሚሊ ሜትሮች ይለያያል። እንደ ኮሌታ ባለ ትንሽ አካል ላይ ይህ ብዙ ነው። የስፌት ኦፕሬተሯ በየቀኑ የምትታገለው ካቲንግ ክፍል ውስጥ የተሠራን ስህተት ነው።

ለእኔ የግሪን ቤልት ዋናው ዋጋ ይሄ ነው። ሱፐርቫይዘር በካቲንግ ላይ ሥልጣን የለውም። የካቲንግ ኃላፊው ዘንድ ሄዶ «ቁርጣችሁ ጥሩ አይደለም» ቢለው መልሱ ይታወቃል፤ «የእናንተ ስፌት ነው»። ሁለቱ ክፍሎች እንዲህ ሲወቃቀሱ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። 198 የስቲከር ቁጥር ይዞ ሲሄድ ግን ወሬው ይለወጣል። ክርክሩ ስለ ሰው መሆኑ ቀርቶ ስለ ንጣፍ ይሆናል።

የካቲንግ ኃላፊውም ትክክለኛ ሥጋት አለው። ንጣፉን ወደ 60 ማውረድ ማለት ኮሌታውን ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው፤ የእሱ ሰዓት ይጨምራል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ከሁለቱም በላይ የሆነ አንድ ደጋፊ ያስፈልገዋል፤ የምርት ሥራ አስኪያጁ ወይም የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ። በሲክስ ሲግማ ቻምፒዮን ይባላል። ያለ እሱ የተጀመረ የግሪን ቤልት ፕሮጀክት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ደጃፍ ላይ ይሞታል። ሱፐርቫይዘር ወደ ሥልጠናው ከመግባቱ በፊት ይህን ሰው ማግኘት አለበት።

ንጣፉ 60 ሆነ እንበል። የኮሌታው ጉድለት በአማካይ ወደ 12 ወረደ። አዲሱ ገበታ ከ2 እስከ 22 ይላል። አዲሱ አማካይ ከድሮው ዝቅተኛ ገደብ ከ17 እንኳ በታች ስለሆነ «አጋጣሚ ይሆናል» አይባልም። የኦፕሬተሯ ጊዜ ከ48 ወደ 39 ሰከንድ ወረደ። በእሷ በኩል አሁን 738 ሸሚዝ ማለፍ ይችላል።

ግን 738 አይወጣም። እጅጌ የሚገጥመው ኦፕሬተር 42 ሰከንድ ላይ ነው። 28,800 ለ42 ሲካፈል 685። አዲሱ ማነቆ እሱ ነው። እንግዲህ መስመሩ ከ600 ወደ 685 ከፍ ይላል፤ ታርጌቱ ላይ ግን ገና አልደረሰም። ሪፖርቱ ላይ «738 ደረስን» ብሎ የሚጽፍ ሰው ካያችሁ መስመሩን አልለካም ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡም እንደዚሁ። በቀን 21 ሸሚዝ መመለሱ ቀረ። አንዱን ለማስተካከል 4 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 84 ደቂቃ ተረፈ። ይህን በደመወዝ አባዝቶ «ይህን ያህል ብር አዳንን» ማለት የተለመደ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው እዚያው ካለና ደመወዙም ያው ከሆነ ብር አልዳነም። ጊዜ ነው የተረፈው። ብር የሚሆነው ያ ጊዜ ተጨማሪ ሸሚዝ ሲያወጣ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲያስቀር ነው። ካቲንግ ላይ የተጨመረውም ሰዓት ይቀነሳል። ፋይናንስ ክፍል ያልፈረመበትን የፕሮጀክት ውጤት ቀጣሪ ባያምን አልፈርድበትም።

መጨረሻው ደረጃ መቆጣጠር ነው፤ ብዙ ፕሮጀክት የሚፈርሰውም እዚያ ነው። ሥራ በዝቶ ሲጣደፉ ካቲንግ ንጣፉን ወደ 100 ይመልሰዋል፤ ማንም አይነግራችሁም። የሚታወቀው በስቲከሩ ነው። ከ60 በላይ የሆነ ቁጥር ኮሌታ ላይ ከታየ ንጣፉ ተመልሷል። ኦፕሬተሯ ይህን እንድታይና ለሱፐርቫይዘሩ እንድትነግር ማድረግ ምንም ወጪ የለውም።

ብላክ ቤልት መቼ?

ከላይ ያለው ችግር ብላክ ቤልት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ምክንያቱ አንድ ሳይሆን ሲቀር ነው። የኮሌታ ፊውዚንግ ማሽንን እንውሰድ። ማጣበቂያው ጨርቅ በሙቀት፣ በግፊትና በጊዜ ይያዛል። ሙቀቱ ሲጨምር ኮሌታው ይሰበሰባል፤ ሲቀንስ ከታጠበ በኋላ ይለቃል። ግፊቱና ጊዜው ደግሞ የሙቀቱን ውጤት ይለውጡታል። አንዱን እየነካኩ ሌላውን መተው መልስ አይሰጥም። ሦስቱን በሁለት በሁለት ደረጃ አቀናጅቶ ስምንት ሙከራ መሥራትና የጋራ ውጤታቸውን መለየት ያስፈልጋል። ይህን ማቀድና መተንተን የብላክ ቤልት ሥራ ነው።

ብላክ ቤልት በድሮው አሠራር የሙሉ ጊዜ ሥራም ነው። ሰውየው መስመር አይመራም። ከክፍል ክፍል እየሄደ ፕሮጀክት ይመራል፣ ግሪን ቤልቶችን ያማክራል። ማስተር ብላክ ቤልት ደግሞ ብላክ ቤልቶችን ያሠለጥናል፣ የትኛው ፕሮጀክት እንደሚቀድም ከአመራሩ ጋር ይወስናል። ሃምሳ ሰው የሚመራ ሱፐርቫይዘር ጠዋት ማን እንደቀረ፣ የትኛው ማሽን እንደቆመ እያየ ይህን ሥራ አብሮ ልሥራ ቢል አንዱ ይጎዳል። ወደ ጥራት ወይም ወደ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ክፍል መዛወር ለሚፈልግ ግን ብላክ ቤልት መንገድ ይከፍታል።

ቀበቶ የማይለካው

ከላይ ባለው ታሪክ ውስጥ ኦፕሬተሯ «አንዳንዱ አይገጥምም» ባትል ኖሮ ምንም አይገኝም ነበር። ለምን ነገረችው? ስለማትፈራው ነው። ይህን የትኛውም ቀበቶ አይፈትነውም።

ቶዮታ ቀበቶ ሳይኖረው ሱፐርቫይዘሮቹን የሚያሠለጥንበት መንገድ አለው። ከሥሮቹ አንዱ ቲ.ደብሊው.አይ የሚባል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ለፋብሪካ ሱፐርቫይዘሮች የተዘጋጀ ሥልጠና ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጃፓን ገባ፣ ቶዮታም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወሰደው። ሦስት ነገር ያስተምራል፦ ሥራን ለሰው እንዴት ማሳየት እንደሚቻል፣ ከሠራተኛ ጋር ያለን ችግር እንዴት መያዝ እንደሚገባ፣ የሥራን መንገድ እንዴት ማሻሻል እንደሚቻል። ከሦስቱ ቀበቶ የሚሸፍነው ሦስተኛውን ነው። አዲስ ኦፕሬተር በየወሩ በሚገባበት፣ የቆየውም በሚለቅበት ፋብሪካ የመጀመሪያው ከሦስተኛው ሊበልጥ ይችላል። አዲሷ ልጅ ኮሌታ አያያዝ ካልተማረች ንጣፉ 60 ሆነ 30 ለውጥ የለውም።

ስለዚህ ቀጣሪ ሱፐርቫይዘርን በቀበቶ ብቻ ሲመዝን ግማሹን ሥራ አላየም ማለት ነው።

ከመክፈል በፊት

ወደ ሥልጠና የሚሄድ ሱፐርቫይዘር ማሠልጠኛውን የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ሰርተፊኬቱ ፕሮጀክት ይጠይቃል? ፕሮጀክቱን የሚያየውስ ማነው፤ እሱ ራሱ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቶ ያውቃል? የቁጥጥር ገበታና የኢንስፔክተር ስምምነት ፈተና በእጅ ያሠራሉ ወይስ በስላይድ ብቻ ያሳያሉ? በሁለት ቀን ብላክ ቤልት እሰጣለሁ የሚል ካለ ሒሳቡን አስቡት። በተለምዶ የብላክ ቤልት ትምህርት አራት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ በሳምንቶቹ መካከል ፕሮጀክት እየተሠራ ወራት ይወስዳል።

ሰርተፊኬቱ ፕሮጀክት ባይጠይቅም ራስህ ሥራው። ከዚያ በሁለት ገጽ አስቀምጠው፦ ችግሩ በቁጥር፣ እንዴት እንደለካህ፣ ምክንያቱን ያረጋገጥክበት ማስረጃ፣ የተለወጠው ነገር፣ ገበታው ከለውጡ በፊትና በኋላ፣ ከሦስት ወር በኋላ ያለው ቁጥር። የፋብሪካውን ምስጢር፣ የገዢውን ስምና ዋጋውን ግን አትጻፍ። ሐዋሳ ያለ ቀጣሪም ሆነ አሜሪካ ውስጥ መጋዘን ወይም ፋብሪካ ውስጥ ለሱፐርቫይዘርነት የሚያወዳድር ሰው ይህን ሁለት ገጽ ማንበብ ይችላል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ስለ ግሪን ቤልትህ ንገረኝ» ሲባል ስለ አምስቱ ደረጃዎች ከማውራት ስለ 198ቱ ስቲከሮች ማውራት ይሻላል።

የሦስት ወሩን ቁጥር አትርሳው። ብዙ ሰው ፕሮጀክቱን የሚያሳየው ባበቃበት ሳምንት ባለው ቁጥር ነው፤ ያን ሳምንት ሁሉም ሰው መስመሩን ያያል፣ ሁሉም ይጠነቀቃል። ከሦስት ወር በኋላም 12 አካባቢ ከሆነ ለውጡ ተይዟል። ወደ 30 ከተመለሰም ጻፈው፤ ንጣፉን ማን እንደመለሰውና ለምን እንደመለሰው ካወቅክ ሁለተኛው ፕሮጀክትህ ከዚያ ይጀምራል።